ዳይፖል ወይስ ያጊ፦ ለኤፍኤም ሬዲዮ የትኛውን አንቴና እንስቀል?

አንቴና ከመግዛታችሁ በፊት ሬዲዮውን ክፈቱና ችግሩን አዳምጡ። የምትፈልጉት ጣቢያ ይሰማል ግን ከጀርባው የማያቋርጥ "ሽሽሽ" አለ? ወይስ ሁለት ጣቢያ እየተደራረበ፣ አንዴ አንዱ አንዴ ሌላው ብቅ እያለ ያስቸግራችኋል? ወይስ ድምፁ ጠንካራ ሆኖ "ስ" እና "ሽ" በሚሉ ድምፆች ላይ የሚቆራረጥ፣ የሚንቋቋ ነገር አለ?

እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ሰው ግን ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ጌኑ ስንት ነው?" ሻጩም ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነብለታል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሁለቱን አንቴናዎች እናስተዋውቅ። ዳይፖል ማለት መሃሉ ላይ የተቆረጠና ገመድ የተያያዘበት አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፣ በቃ። ርዝመቱ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው። በሜትር ለማስላት ይህን ተጠቀሙ፣ L የዘንጉ ሙሉ ርዝመት፣ f ደግሞ የጣቢያው ቁጥር በሜጋኸርዝ ነው፦

```
L = 143 / f
```

ለ100 ሜጋኸርዝ 1.43 ሜትር ይመጣል፣ እያንዳንዱ ክንድ 71 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሰሙት 97.1፣ 98.1 እና 102.1 በሙሉ በዚህ አንድ ልክ ይያዛሉ። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ዳይፖል በሴንቲሜትር አይጨነቅም።

ያጊ ደግሞ ይኸው ዳይፖል ነው፣ ግን ከኋላው ትንሽ ረዘም ያለ ዘንግ፣ ከፊቱ ደግሞ አጠር ያለ ዘንግ ወይም ዘንጎች በአንድ ወራጅ ላይ ተደርድረዋል። የኋላው ሪፍሌክተር፣ የፊቱ ዳይሬክተር ይባላል። ገመድ የሚያያዘው ከመሃለኛው ጋር ብቻ ነው። ሌሎቹ ባዶ ዘንግ ናቸው፣ ግን ሞገድ ተቀብለው መልሰው ይረጩታል፣ የሚረጩትም ከፊት በኩል ሲመጣ እንዲደመር፣ ከኋላ ሲመጣ እንዲጠፋፋ ሆኖ ተለክቷል። በጃፓን ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ በ1920ዎቹ (በፈረንጆቹ) ሲሠራ አብዛኛውን ልፋት የለፋው ሺንታሮ ኡዳ ነበር፣ ስሙ የቀረው ግን የአለቃው የሂደትሱጉ ያጊ ነው። አንዳንዶች አሁንም ያጊ-ኡዳ እያሉ ሰውየውን ያስታውሱታል፣ ጥሩ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ጌን። አንቴና ኃይል አይፈጥርም። ባትሪ የለው፣ ትራንዚስተር የለው፣ ከየት ያመጣል? ጌን የሚባለው ከአንድ አቅጣጫ የሚቀበለውን ከሌላ አቅጣጫ በመቀነስ የሚያገኘው ብልጫ ነው። ይህ ወደ አንድ ወገን የማድላት ጠባይ ዳይሬክቲቪቲ ይባላል። ከእሱ ላይ በብረቱና በመገጣጠሚያው ውስጥ በሙቀት የሚባክነውን ስትቀንሱ የሚቀረው ጌን ነው። ጥሩ የአሉሚኒየም ቱቦ ከሆነና መገጣጠሚያው ካልዛገ ብክነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ጌን የሚለካው በዴሲቤል ነው፣ ይህም አንዱ ኃይል ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ የሚናገር መለኪያ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። "30 ዴሲቤል ጌን" ብሎ የሚሸጥ የቤት ውስጥ አንቴና ካያችሁ ያ የአንቴናው ሳይሆን የማጉያው ቁጥር ነው። ማጉያ ደግሞ ጣቢያውንም ሽሽታውንም ጎረቤት ጣቢያውንም እኩል ያጎላል።

ሌላ የሚያወናብድ ነገር መለኪያው ነው። ዲቢአይ የሚለካው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚቀበል፣ በሐሳብ ብቻ ካለ ነጥብ አንጻር ነው። ዲቢዲ የሚለካው ከዳይፖል አንጻር ነው። ልዩነታቸው ሁሌም 2.15 ነው። ስለዚህ ዳይፖል 2.15 ዲቢአይ ነው፣ ወይም 0 ዲቢዲ። ባለ ሦስት ዘንግ ያጊ 7 ዲቢአይ ገደማ ይደርሳል። ይህን ሰምታችሁ "ሰባት ዴሲቤል ላገኝ ነው" እንዳትሉ፣ ከዳይፖሉ የሚበልጠው በ5 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ኃይል። ካርቶኑ ላይ "12 ዴሲቤል" ብቻ ተጽፎ ዲቢአይ ይሁን ዲቢዲ ካልተጠቀሰ ወራጁን ለኩ። ለጌን ዋናው ነገር የወራጁ ርዝመት ነው። ያጊ 11 ዲቢአይ አካባቢ ለመድረስ ወራጁ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ያህል መሆን አለበት፣ በኤፍኤም ይህ 3 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከሃያ ሆኖ 12 የሚል ያጊ ካጋጠማችሁ ሂሳቡ አይሞላም።

5 ዴሲቤል ቀላል አይደለም። ግን ሌላ ቦታም ይገኛል። ቤቱ ሜዳ ላይ ከሆነ አንቴናውን ከ5 ሜትር ወደ 10 ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻውን እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። ገመዱንም እዩት። 20 ሜትር ቀጭን አርጂ-58 ገመድ በ100 ሜጋኸርዝ 3 ዴሲቤል አካባቢ ይበላል፣ ተራው የዲሽ ገመድ አርጂ-6 ግን ከ1 ዴሲቤል ተኩል አያልፍም። አንቴናና ገመድ ያለ ብክነት እንዲገናኙ የኦም ቁጥራቸው መቀራረብ አለበት። ደግነቱ የዳይፖል መሃል 73 ኦም ነው፣ የዲሽ ገመድ ደግሞ 75 ኦም፣ ስለዚህ ያለ ምንም ማጣጣሚያ ይገናኛሉ። ያጊ ላይ ይህ ምቾት የለም። በዙሪያው ያሉት ዘንጎች የመሃለኛውን ኦም ወደ ታች ስለሚስቡት የታጠፈ ዳይፖልና ባሉን ወይም ሌላ ማጣጣሚያ ይፈልጋል። ፋብሪካ የሠራው አብሮ ይመጣል፣ ራሳችሁ ከሠራችሁ ግን ልትረሱት አትችሉም።

ስለዚህ ችግራችሁ ሽሽታ ብቻ ከሆነ የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ዳይፖል፣ ከፍ አድርጉት፣ ጥሩ ገመድ አድርጉለት። ያ ካልበቃ ነው ያጊ የሚታሰበው።

ያጊ ዋጋውን የሚያወጣው ሁለት ጣቢያ ሲደራረብ ነው። ይህን ለመረዳት ግን የሁለቱን የጨረራ ቅርጽ፣ ማለትም ከየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚሰሙ፣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዳይፖል ቅርጽ ቦምቦሊኖ ነው፣ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ያለፈ። ከጎን በኩል በሁሉም ዙሪያ እኩል ይቀበላል፣ በሁለቱ ጫፎቹ አቅጣጫ ግን ምንም አይሰማም። ዘንጉ መሬት ላይ እንደተጋደመ ሆኖ ከተሰቀለ ከፊትና ከኋላ እኩል ይሰማል፣ ወደ ግራና ቀኝ ጫፎቹ ደግሞ ደንቆሮ ነው። እነዚህ የደነቆሩ ጫፎች ናቸው የዳይፖል ትልቁ ሀብት፣ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምባቸውም። ባለ ሦስት ዘንግ ያጊ ደግሞ ወደ ፊት 60 ዲግሪ ገደማ ስፋት ያለው ጉልህ አበባ፣ ማለትም በደንብ የሚሰማበት ወገን፣ አለው፣ ወደ ኋላ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ያነሰ ይሰማል። ከጎንም ዘንጎቹ ስለሚደነቁሩ እዚያም ደካማ ነው።

በእውነተኛ ቦታ እንስራው። ቤታችሁ ሞጆ ነው እንበል። የምትፈልጉት የአዲስ አበባ ጣቢያ ነው፣ በአየር 65 ኪሎሜትር ያህል፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ። አሁን በዚያው ሞገድ ላይ ወይም በጣም ተጠግቶ የሚረብሽ ሌላ ጣቢያ ከባቱ አቅጣጫ ይመጣል ብላችሁ አስቡ። ከሞጆ ሲታይ በአዲስ አበባና በባቱ መካከል ያለው ማዕዘን 110 ዲግሪ ገደማ ነው። የተጋደመ ዳይፖል ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ቀጥታ ወደ ባቱ አዙሩት። ረባሹ ደንቆሮው ጫፍ ላይ ወደቀ። አዲስ አበባ ከዘንጉ 70 ዲግሪ ላይ ሆነ ማለት ነው፣ ከሙሉ ጎኑ 20 ዲግሪ ብቻ ፈቀቅ ብሏል። የዳይፖልን ቀመር ብትሠሩ በዚህ የምታጡት ከ1 ዴሲቤል በታች ነው፣ ጆሮ አይለየውም። ረባሹ ግን በክፍት ቦታ 15 ዴሲቤል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በአንድ ዘንግና በትንሽ ማዞር! ለዚህ ያጊ መግዛት ብር ማባከን ነው።

ረባሹ ከአዳማ በኩል ቢሆንስ? ነገሩ ይለወጣል። ከሞጆ ሲታይ አዳማ ከአዲስ አበባ 150 ዲግሪ ገደማ ይርቃል፣ ከሞላ ጎደል ከጀርባ ነው። ዳይፖሉን ጫፉን ወደ አዳማ ካዞራችሁት አዲስ አበባ ከሌላኛው ጫፍ 30 ዲግሪ ላይ ብቻ ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ 7 ዴሲቤል ተኩል ገደማ ታጣላችሁ፣ ከምትፈልጉት ጣቢያ የሚተርፈው ከኃይሉ አንድ ስድስተኛው ነው። ረባሹን ስታባርሩ የራሳችሁንም ሰው አብራችሁ አባረራችሁ። ዳይፖሉን ሙሉ ጎኑን ወደ አዲስ አበባ ብታዞሩትም አዳማ የሚወድቀው ከኋላ ነው፣ ዳይፖል ደግሞ ፊትና ኋላ አይለይም። አዳማ ደግሞ እዚያው አጠገባችሁ ነው፣ ድምፁ ከሩቁ ይበልጣል። እዚህ ያጊ ያስፈልጋል። የምትፈልጉት በ5 ዴሲቤል ያድጋል፣ ከኋላ የሚመጣው ከፊተኛው በ15 ወይም በ20 ዴሲቤል ይወርዳል።

ለምን ይህ ልዩነት ይህን ያህል ዋጋ አለው? ኤፍኤም ሬዲዮ በአንድ ሞገድ ሁለት ጣቢያ ሲመጣበት በረታው ላይ ይጣበቃል። የሁለቱ ጉልበት ሲቀራረብ ነው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ የሚዘለው። ለመጣበቅ ጥቂት ዴሲቤል ብልጫ ይበቃዋል፣ ጥርት ብሎ በስቴሪዮ እንዲሰማ ግን በጣም ብዙ ይፈልጋል። ለነገሩ ሬዲዮው ላይ የሞኖ ቁልፍ ካለ ምንም ሳትገዙ ሞክሩት፤ ደካማ ጣቢያ ላይ ሽሽታው ሊያስገርም በሚችል መጠን ይቀንሳል።

ሦስተኛው በሽታ፣ ያ "ስ" ላይ የሚንቋቋው፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንዱ ጣቢያ በቀጥታም ከተራራ ወይም ከሕንፃ ተላትሞም ሲደርስ ነው። ይህም የአቅጣጫ ችግር ነው፣ ስለዚህ መልሱ ከላይ ያለው ነው፦ የተላተመው ከየት እንደሚመጣ እያዞራችሁ ፈልጉ፣ ዳይፖል ከደነቆረበት በቃ፣ ካልሆነ ያጊ። ግን አንድ ነገር ቀድማችሁ አረጋግጡ። ማሠራጫው ቅርብ ከሆነ ሬዲዮው በጉልበት ብዛት ራሱ ሊሰክር ይችላል። አንቴናውን ነቅላችሁ በአጭር ሽቦ ስትተኩት ከተሻለ ችግሩ ያ ነው። አዲስ አበባ መሃል ተቀምጦ ያጊ መስቀል ከመጥቀም ይልቅ እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ዘንጉ የተጋደመ መሆኑን ይዞ ነው። ፖላራይዜሽን እዚህ ይገባል፣ ምርጫውንም ሊገለብጠው ይችላል።

የማሠራጫው ዘንግ ቆሞ ከሆነ ሞገዱ ቆሞ ይመጣል፣ ተጋድሞ ከሆነ ተጋድሞ። የእናንተ ዘንግ ከዚያ ጋር መመሳሰል አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተቃረነ በወረቀት ላይ ምንም አይመጣም፣ በተግባር ከዙሪያው ስለሚንጸባረቅ 20 ዴሲቤል አካባቢ ታጣላችሁ። ይህ ከያጊ ጌን በብዙ ይበልጣል፣ ስለዚህ ተዛንፎ ከተሰቀለ ውድ ያጊ ይልቅ በትክክል የተሰቀለ ዳይፖል ይሻላል። በ45 ዲግሪ ቢዛነፍ የሚጠፋው 3 ዴሲቤል ነው። ብዙ የኤፍኤም ጣቢያዎች ደግሞ ሞገዱን እያሽከረከሩ ይልካሉ፣ የመኪናውም የቤቱም አንቴና እንዲሰማው። ያን ጊዜ ብታቆሙትም ብታጋድሙትም ያው 3 ዴሲቤል ነው የምታጡት።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ። ዳይፖሉን ስታቆሙት ደንቆሮ ጫፎቹ አንዱ ወደ ሰማይ ሌላው ወደ መሬት ይዞራሉ። በአድማስ ዙሪያ ሁሉንም እኩል ይሰማል፣ ባቱም አዳማም አዲስ አበባም አንድ ነው። የማዞር ዘዴያችን ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ጣቢያው የሚልከው ቆሞ ከሆነና ረባሽ ካለ፣ ረባሹ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ዳይፖሉን ማዞር አይረዳም፣ የሚያስፈልገው ያጊ ነው። የቆመ ያጊም ቢሆን በአድማስ ላይ አበባው ሰፋ ይላል፣ 90 ዲግሪ አካባቢ፣ ምክንያቱም የዘንጎቹ የጫፍ ድንቁርና አሁን ጎኑን አይረዳውም።

የጣቢያውን ፖላራይዜሽን ለማወቅ ዳይፖሉን በእንጨት ላይ አስራችሁ አንዴ አጋድሙት፣ አንዴ አቁሙት። በጣም ከተለያየ ግልጽ ነው። ተመሳሳይ ከሆነ የሚሽከረከር ነው፣ ያን ጊዜ አጋድሙት፣ የደነቆሩትን ጫፎች ታተርፋላችሁ። ከቤት ውጭ ሞክሩት እንጂ ሳሎን ውስጥ አይሆንም፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁሉም ነገር ይምታታል። ስትሰቅሉትም ከቆርቆሮው ቢያንስ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። የተጋደመ ዘንግ ከብረት ጣሪያ ጋር ሲጠጋ ከጣሪያው የሚንጸባረቀው ሞገድ የቀጥታውን ያጠፋዋል።

የጨረራውን ቅርጽ የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ያጋጥማሉ። አንዱ ገመዱ ነው። የዳይፖሉ ገመድ የውጭ ሽፋኑ ራሱ እንደ አንቴና መቀበል ከጀመረ ደንቆሮ የነበሩት ጫፎች መስማት ይጀምራሉ፣ እናንተም "ይህ ሰው ያለው ማዞር አልሠራም" ትላላችሁ። ኤፍኤም ላለበት የሞገድ ክልል፣ ለቪኤችኤፍ፣ የሚሆኑ ሦስት አራት የፌራይት ቀለበቶች ከመገናኛው አጠገብ ገመዱ ላይ ማድረግ፣ ገመዱንም ከዘንጉ በቀጥታ ማዕዘን ማራቅ ይህን ይቀንሰዋል። ሁለተኛው የቆመ ያጊ በብረት ምሰሶ መሃሉን መያዝ ነው። ምሰሶው ከዘንጎቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚቆም ያልተጠራ ተጨማሪ ዘንግ ይሆንና ቅርጹን ያፈርሰዋል። ከሪፍሌክተሩ ኋላ ያዙት ወይም የላይኛውን ምሰሶ እንጨት አድርጉት።

ራሳችሁ ያጊ ለመሥራት ካሰባችሁ ለ100 ሜጋኸርዝ መነሻ የሚሆን ልክ ይኸው፦ ሪፍሌክተር 1.48 ሜትር፣ መሃለኛው 1.42፣ ዳይሬክተር 1.32፣ በመካከላቸው 60 60 ሴንቲሜትር። አሥር ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ ይበቃል። ያጊ ከተሰላበት ሞገድ በታች ቀስ ብሎ ይደክማል፣ ከላይ ግን ቶሎ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ዳይሬክተሩ ለከፍተኛው ሞገድ ረዥም ይሆንና ወደፊት መምራቱን ይተዋል። ስለዚህ ሁለት ጣቢያ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ 97.1 እና 102.1፣ ልኩን ለላይኛው አድርጉት። ሁሉንም ልኮች በ100 አባዝታችሁ ለ102.1 አካፍሉ፣ በቃ።

ስታነጣጥሩ የምትፈልጉት ጣቢያ የሚጮህበትን ነጥብ አትፈልጉ። የያጊ ፊት ሰፊ ነው፣ 15 ዲግሪ ብትስቱ 1 ዴሲቤል አታጡም። ከኋላና ከጎን ያሉት የማይሰማባቸው ጉድጓዶች ግን ጠባብ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ቀስ እያለ ያዙር፣ ሌላው ታች ሆኖ ረባሹ ጣቢያ የሚጠፋበትን ቦታ ይጠብቅ። እዚያ ላይ ብሎኑን አጥብቁ፣ መገናኛውን በጎማ ቴፕ ሸፍኑ፣ ገመዱንም ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች አንድ ዙር አርግቡለት፣ የዝናብ ውሃ እዚያው እንዲንጠባጠብ።